ለሙት ዓመት መታሰቢያ የሚነበብ አጭር ንግግር አዘገጃጀት

የሙት ዓመት ንግግር ሥራው ከቀብር ዕለት ንግግር ይለያል። በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል። የት እንደተወለዱ፣ ምን እንደሠሩ፣ ስንት ልጆች እንዳፈሩ ሁሉም ሰምቷል። ዓመት ሲሞላ ያንኑ ወረቀት አውጥቶ መድገም በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው፤ ግማሹ ታዳሚ ዝርዝሩን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ያኔ ልጅ ስለነበር ያላወቃቸው ወይም ኋላ የመጣው ሰው ደግሞ ከልደት ቀንና ከሥራ ቦታ ዝርዝር ሰውየውን ማየት አይችልም። የሙት ዓመት ንግግር የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ እኚህ ሰው ካረፉ በኋላ ከእሳቸው ምን በመካከላችን ቀረ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ በክብር ስለመመለስ ነው።

ርዝመቱን አስቀድማችሁ ወስኑ

ሳትጽፉ በፊት ፕሮግራም መሪውን ስንት ደቂቃ እንደተመደበላችሁና ከእናንተ በፊትና በኋላ ማን እንደሚናገር ጠይቁ። በዝግታና በግልጽ የሚነበብ አማርኛ በግርድፉ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 ቃል ይሄዳል። ስለዚህ ለሦስት ደቂቃ ንግግር 240 ቃል ገደማ ይበቃል፤ ቆም የምትሉባቸው ቦታዎች የቀረውን ጊዜ ይሞሉታል። ብዙ ሰው ሙሉ ሁለት ገጽ ጽፎ ይመጣና ጊዜው ሲያልቅበት መጨረሻውን እያጣደፈ ያነባል። የሚጣደፈው ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰቡ የተጻፈው ምስጋና ነው። ከሁሉም ክፍል ሊቸኮልበት የማይገባው እሱ ነበር።

ማንን፣ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ

ከዕለቱ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። መጀመሪያ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡ፤ ለሁሉም መደወል ሐዘኑን ከመቀስቀሱም በላይ የተለያየ መልስ ያመጣል። ከዚህ ሰው የምትወስዱት እውነታዎቹን ነው፦ ሙሉ ስማቸውና ማዕረጋቸው፣ ሰው በምን ስም ይጠራቸው እንደነበር፣ ያረፉበት ቀንና ዕድሜያቸው። ቀኑን በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደነገሯችሁ አረጋግጡ። በዕድሜ ላይ ቤተሰቡ ራሱ ካልተስማማ ዕድሜውን ተዉት፤ ንግግሩ ያለ እሱም ይቆማል፣ የተሳሳተ ቁጥር ግን ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ያስነሣል።

ቀጥሎ ከቤተሰብ ውጭ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አነጋግሩ፤ አብሯቸው የሠራ፣ ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የሚያውቅ፣ በዕድሜ ከእሳቸው በጣም የሚያንስ። ጥያቄው ላይ ተጠንቀቁ። «እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ግን ስለማንኛውም ሽማግሌ ሊባል ይችላል። ሰው ያየውን እንዲነግራችሁ የሚያደርጉ ጥያቄዎች ሌላ ናቸው። ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር? አዘውትረው የሚሉት ነገር ነበር? ስብሰባ ላይ የት ይቀመጡ ነበር? ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ ዛሬም እሳቸውን ተከትላችሁ የምታደርጉት ነገር አለ? የመጨረሻው ጥያቄ የንግግራችሁን እንብርት ያወጣላችኋል። መልሱን ስትመዘግቡ ተናጋሪው ባለበት ቃል መዝግቡ፤ በራሳችሁ አነጋገር ካሳመራችሁት የእሳቸው ድምፅ ይጠፋል።

መነገር የሌለበት

የአገር ሽማግሌ ሕይወት በሌሎች ሰዎች ምሥጢር የተሞላ ነው። ያስታረቁት ባልና ሚስት፣ በብድር ያወጡት ጎረቤት፣ ከፖሊስ ጣቢያ ያስለቀቁት ወጣት፣ ሁሉም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ተናጋሪው ለማመስገን ብሎ «የእነ እገሌን ጠብ እንዴት እንደፈቱት ሁላችንም እናስታውሳለን» ሲል ሟቹ በዝምታ የሸፈኑትን ገበና በድምፅ ማጉያ ይገልጠዋል። ስም ባይጠራ እንኳ ማኅበረሰቡ ትንሽ ከሆነ ሰው ወዲያው ያውቃል። አንገቶች ወደ አንድ ወንበር ሲዞሩ ንግግሩ ያን ጊዜ ተበላሽቷል።

ደንቡ ቀላል ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ ሁሉም እያየ የሆነውን ተናገሩ። በር ተዘግቶ የሆነውን ተዉ። በጣም የሚያስፈልጋችሁ ታሪክ የግል ከሆነ ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ ጽሑፉንም አሳዩት። «ምን ቸገረኝ» ካለ በኋላ ወረቀቱን ሲያነብ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ብዙ ነው። ርስት፣ ኑዛዜ፣ በማኅበሩ ውስጥ ያልበረደ ክርክር፣ በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ ማን እንደጠየቃቸውና ማን እንደቀረ፣ እነዚህ ፈቃድም ቢገኝ በዚህ ንግግር ውስጥ ቦታ የላቸውም።

አንድ ነገር መምረጥ

ከሰበሰባችሁት ውስጥ አንድ ብቻ ትመርጣላችሁ። ሦስት መልካም ሥራ መዘርዘር ለሟቹ የበለጠ ክብር የሚሰጥ ይመስላል፤ አዳማጩ ግን ሦስቱንም ከአዳራሹ ሳይወጣ ይረሳቸዋል። ለመምረጥ እያንዳንዱን በሁለት ጥያቄ መዝኑት። አዳማጩ ዓይኑን ቢጨፍን ይታየዋል? ዛሬስ የቀረ ነገር አለው? ሁለቱንም የሚያልፈውን ያዙ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከሦስት ሰዎች የተሰበሰበው ማስታወሻ እንዲህ ይላል እንበል፦ ለማኅበሩ አዳራሽ ግንባታ ገንዘብ አሰባስበዋል፤ የታመመ ሰው ሳይጠይቁ አያድሩም ነበር፤ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንደኛውን «መጀመሪያ እሱ ያለውን ንገረኝ» ይሉ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን በቀብሩ ዕለት ተነግሯል፣ አዳራሹም ራሱ ይናገራል። ሁለተኛው ያምራል፣ ነገር ግን የታመሙትን ሰዎች ቤት ይከፍታል። ሦስተኛው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሆኖም ይታያል፣ በሁሉም ፊት የሆነ ነው። ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ደግሞ ይህን ጥያቄ ዛሬም በስብሰባ እንደሚጠቀሙበት ተናግረዋል። እንግዲህ ንግግሩ በዚህ ላይ ይቆማል።

የተጻፈው ንግግር

በዚህ ማስታወሻ የተሠራው ንግግር የሚከተለው ነው። በ«እገሌ» ቦታ ስማቸው ይገባል።

«የተከበራችሁ ቤተሰቦቻቸው፣ የማኅበራችን አባላትና እንግዶች፤ ዛሬ የተሰበሰብነው ጋሽ እገሌን ለማሰብ ነው። ካረፉ አንድ ዓመት ሆናቸው።

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በስብሰባ ላይ ነው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ቀድመው አይናገሩም። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ግን ይነሣሉ። ለመፍረድ አልነበረም የሚነሡት። አንዱን ይጠሩና ‹መጀመሪያ እሱ ያለውን ንገረኝ፤ ከዚያ ያንተን ትላለህ› ይሉታል።

ቀላል ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን የተጠየቀው ሰው መልስ ያጣል። ሌላው ያለውን አልሰማም ነበር። ጋሽ እገሌ አይቆጡም። ‹እንግዲያው ደግሞ ይንገርህ› ብለው ይቀመጣሉ። ያኛው ሲደግመው ድምፁ ዝቅ ይላል።

ሁልጊዜ አልተሳካላቸውም። ሳይታረቅ የወጣም ነበር። እሳቸው ግን መጠየቁን አልተዉም።

በዚህ ዓመት በአንድ ስብሰባችን ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ ወጣት ብድግ ብሎ ‹መጀመሪያ እሷ ያለችውን ንገረን› አለ። ይህ ወጣት ከጋሽ እገሌ ጋር ብዙ አልኖረም። ቃሉን ከእኛ ነው የሰማው። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። የማን ቃል እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቤተሰቦቻቸው፤ እሳቸው ከእኛ ጋር ባመሹባቸው ምሽቶች እናንተ ቤት ሆናችሁ ጠብቃችኋቸዋል። ያን ጊዜ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን።

አሁን እንነሣና ለአንድ ደቂቃ በጸጥታ እናስባቸው።»

ከ200 ቃል በታች ነው፤ ቆም እየተባለ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ይወስዳል። መክፈቻው ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ማንን እንደምናስብና ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይናገርና ወደ ጉዳዩ ይገባል። «ደግ ነበሩ» የሚል ቃል የትም የለም፤ በሩ አጠገብ መቀመጣቸውና አለመቆጣታቸው ያንን ይናገራሉ። «ሁልጊዜ አልተሳካላቸውም» የሚለው መስመር ሲረቀቅ አንዳንድ ቤተሰብ ይወጣ ይላል። እንዲቀር ብትሞክሩ ይሻላል፤ እሳቸውን በቅርብ የሚያውቅ ሁሉ እውነቱን ያውቃል፣ ንግግሩንም የሚያምነው በዚህ መስመር ነው። ቤተሰቡ ከጸና ግን የቤተሰቡ ቃል ይበልጣል።

የቤተሰቡ ምስጋናም ልብ ይባል። «መጽናናትን ይስጣችሁ» የሚለው ለቀብር ሰሞን የተገባ ቃል ነው። ዓመት ሲሞላ ቤተሰቡ ይበልጥ የሚሰማው እነሱ ስላጡት ብቻ የሚነገረውን ሳይሆን እነሱ ስለሰጡት የሚነገረውን ነው። ለማኅበረሰብ የሚሮጥ ሰው ሁሌም ከቤቱ የሚወስደው ጊዜ አለ።

ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ የሚደረግ መታሰቢያ ከሆነ ሚዛኑ ይቀየራል። ያኔ ከታዳሚው ብዙው እሳቸውን አያውቅም። ስለዚህ ከመክፈቻው በኋላ ማን እንደነበሩ የሚናገሩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጨምሩ፣ የመጨረሻውንም ክፍል ከመጀመሪያው አስረዝሙት።

አማርኛው ለጆሮ እንዲሆን

የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ወረቀት ላይ «ተወልደው፣ አድገው፣ ተምረው፣ ትዳር መሥርተው፣ ለብዙዎች አርአያ በመሆን» እያሉ መቀጠል ይቻላል፤ አንባቢ ወደኋላ መመለስ ይችላልና። አዳማጭ ግን ማሰሪያው እስኪመጣ ሁሉንም ተሸክሞ ይጠብቃል፣ አንባቢውም ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ከ12 ቃል ብዙ እንዳያልፍ አድርጉ። የ«-ው» ሰንሰለት ሦስት ከደረሰ ቁረጡት፣ በ«ነበር» ወይም በ«ነው» ዝጉና አዲስ ጀምሩ።

አክብሮቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። ስለ ሽማግሌ ሲነገር «እሳቸው» እና «ነበሩ» ነው፤ ነገር ግን ትዝታ ሲሞቅ «ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ» ብሎ ወደ «እሱ» አነጋገር የሚንሸራተት ብዙ ነው። ጽሑፉን ስትጨርሱ ለዚህ ብቻ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት። በተለይ «ቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ ያሉት» የሚሉትን ተመልከቱ። «ያሉት» አንዳንዴ እሳቸው የተናገሩት፣ አንዳንዴ ደግሞ በሕይወት የቀሩት ይመስላል፤ አሻሚ ከሆነ «የተናገሩት» በሉ። መጠሪያቸውም አይቀያየር። ሰው ሁሉ «ጋሽ» ወይም «እትዬ» ይላቸው ከነበረ በመክፈቻው አንድ ጊዜ ሙሉ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጥሩ፣ ከዚያ በለመደው አጠራር ቀጥሉ።

«ሞቱ» ከማለት «አረፉ» ወይም «ተለዩን» ይሻላል። «ነፍሳቸውን ይማር» ወይም ሌላ የጸሎት ቃል ለመጨመር ካሰባችሁ በእሳቸው እምነት የሚባለውን ቤተሰቡን ጠይቁ። ታዳሚው የተለያየ እምነት ያለው ከሆነ ጸሎቱን ለሃይማኖት አባት ወይም ለቤተሰቡ ተዉና እንደላይኛው ምሳሌ በጸጥታ ማሰብን ጋብዙ።

ተደጋግመው ያለቁ አባባሎችን አውጡ፦ «ቃላት አይገልጿቸውም»፣ «ትልቁ ዋርካ ወደቀ»፣ «ትናንት የነበሩ ይመስላል»። ክፉ ሆነው አይደለም። ከእናንተ በፊት የተናገረው ሰው ምናልባት ሁለቱን ብሏቸዋል።

ለንባብ የሚሆን ወረቀት

ስልክ ላይ አታንብቡ፤ መብራቱ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ተናጋሪውም አንገቱን ይደፋል። ወረቀት ላይ በ18 ነጥብ ፊደል አትሙ፣ በመስመሮች መካከል ሰፊ ቦታ ተዉ፣ በአንድ ገጹ ብቻ ጻፉ። ጽሑፉ የገጹን ላይኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይያዝ። ዓይን ወደ ወረቀቱ ግርጌ ሲወርድ አገጭም ይወርዳል፣ ድምፅም አብሮ ወደ ደረት ይገባል። ዐረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር። ለገጾቹ ቁጥር ስጡ፣ በስፒል ግን አትያዟቸው፤ ሲገለጡ በማይክሮፎኑ ይንኮሻኮሻሉ። ያነበባችሁትን ወደ ጎን ማንሸራተት ይበቃል።

ምልክቱን በእጅ ጨምሩ። ለአጭር ዕረፍት አንድ ጭረት (/)፣ ለረጅም ሁለት (//)። ከላይ ባለው ንግግር ሁለት ጭረት የሚገባው «አልሰማም ነበር» ከሚለው በኋላ፣ «ጸጥ አለ» ከሚለው በኋላና ቤተሰቡን ከመጥራት በፊት ነው። ከሦስት ቦታ በላይ ረጅም ዕረፍት ካበዛችሁ ሰው ንግግሩ ያለቀ እየመሰለው ይነሣል።

ሌላው ጠብቆና ላልቶ መነበብ ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «ይሰማሉ» የሚለው ቃል ሲላላ ሌላውን የሚሰሙ፣ ሲጠብቅ ራሳቸው በሌላው የሚሰሙ ይሆናል፤ ስለ አድማጭ ሽማግሌ ስትናገሩ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በእንዲህ ያለ ቃልና በማታውቁት ስም ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አኑሩበት። የሰውና የቦታ ስም አነባበብ ከቤተሰቡ በጆሮ ስሙ፤ የሟቹ ስም ተሳስቶ ከተነበበ የሚመለስበት መንገድ የለም። ቁጥር ካለ በፊደል ጻፉት፤ ቆመው ሲያነቡ አኃዝ ያደናቅፋል።

ልምምድና ዕለቱ

ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ፣ ሰዓት እየያዛችሁ ሦስት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ምላስ የሚይዛቸውን ቃላት ታገኛላችሁ፤ ቀይሯቸው እንጂ አትልመዷቸው። በሁለተኛው ድምፃችሁ የት እንደሚሰበር ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ሐዘን የሚበረታበት ቦታ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን ድምፅ የሚሰብረው ትንሿ ዝርዝር ናት። እዚህ «በሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር» ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ መስመር በፊት አንድ ጭረት አድርጉና ትንፋሽ ውሰዱ። መስመሩን ግን አታውጡት። ሦስተኛውን ንባብ ለአንድ ሰው አንብቡለትና ጨርሳችሁ «ምን አስታወስክ?» በሉት። ወንበሩን ወይም ጥያቄውን ከጠራ ንግግሩ ሠርቷል። «ጥሩ ነው» ብቻ ካለ አንዱ ነገር ገና አልወጣም።

ሁለተኛ ቅጂ ለአንድ የሚታመን ሰው ስጡና በፊት ወንበር ይቀመጥ። ድምፅ እምቢ ካለ ዓይናችሁን ወረቀቱ ላይ አድርጉ፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ፣ የተቋረጠውን ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው አንብቡ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ካልሆነ ያ ሰው መጥቶ አጠገባችሁ ቆሞ ይጨርሰው።

ማይክሮፎኑን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ፣ ከመናገራችሁ በፊት ወንበር መንቀሳቀስ እስኪያቆም ጠብቁ። ከእናንተ በፊት የተናገረው ሰው ያንኑ ታሪክ ከተናገረ ታሪኩን አትድገሙት። «አሁን የሰማችሁት ጥያቄ» ብላችሁ በቀጥታ ወደ ወጣቱ ክፍል እለፉ። ፕሮግራም መሪው «አሳጥሩ» ካለም የሚወጣው ክፍል አስቀድሞ በእርሳስ ይከበብ፤ በዚህ ንግግር ከ«ቀላል ይመስላል» እስከ «አልተዉም» ያለው ነው። መክፈቻው፣ ጥያቄው፣ ወጣቱና የቤተሰቡ ምስጋና ይቀራሉ፤ ይህም ከሁለት ደቂቃ በታች ይሆናል።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ምልክት የሌለበት ንጹሕ ቅጂ፣ ቀኑና የተነበበበት ዝግጅት ከላይ ተጽፎበት፣ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ቀን ወይም ስም ላይ እርማት ከሰጧችሁ ያንኑ ዕለት በዋናው ጽሑፍ ላይ አስተካክሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ከዚያ ወረቀት ይቀዳል።